ሰባቱ መዳሊያ ሰባ አንድ ሲሆን

ነሐሴ 16 ቀን 2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በተካሄደው የሴቶች 5,000 ሜትር ፍጻሜ ጥሩነሽ ዲባባ ወርቁን ስትወስድ መሠረት ደፋር ሦስተኛ ወጥታ ነሐስ አጠለቀች። በሁለቱ መካከል የገባችው ለቱርክ የምትሮጥ አትሌት ነበረች። ዓመታት አለፉ። አትሌቷ ከዚያ ኦሊምፒክ በፊት በነበረው ዓመት የሰጠችው ናሙና እንደገና ሲመረመር የተከለከለ ንጥረ ነገር ተገኘበትና የቤጂንግ ውጤቷ ተሰረዘ። መሠረትም ከነሐስ ወደ ብር ከፍ አለች። በዚህ የተነሳ ኢትዮጵያ ከቤጂንግ ያገኘችው መዳሊያ በጊዜው 4 ወርቅ፣ 1 ብርና 2 ነሐስ ተብሎ የተመዘገበ ቢሆንም ዛሬ 4 ወርቅ፣ 2 ብርና 1 ነሐስ ተብሎ ይጻፋል። ድምሩ ግን ያው 7 ነው።

እንዲህ ያለ የተለወጠ ቁጥር በሰንጠረዥ ውስጥ ብቻውን ቢቀመጥ አንባቢን ግራ ያጋባል። የድሮውን ጋዜጣ የሚያስታውስ ሰው «ብሩ አንድ አልነበረም ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ጠንቃቃ አዘጋጅ ከቁጥሩ ራስ አጠገብ ትንሽ ምልክት ያደርግና ምክንያቱን ከሰንጠረዡ ግርጌ ይጽፋል። ብሩ 2¹፣ ነሐሱ 1¹፣ ድምሩም 7¹ ይሆናል። ከግርጌውም «1. ከጨዋታው በኋላ በተወሰነ የውጤት ስረዛ መሠረት የተስተካከለ» የሚል መስመር ይጨመራል። አሠራሩ ትክክል ነው፤ አንባቢውም ሳይቸገር ይረዳዋል።

ችግሩ የሚመጣው ሌላ ሰው ሰንጠረዡን ሲገለብጠው ነው። ፋይሉን ከፍቶ፣ ዓምዱን መርጦ፣ ኮፒ አድርጎ በራሱ ሰነድ ላይ ሲለጥፈው ትንሿ ምልክት ከቁጥሩ ጋር እኩል ቁመት ይዛ ትሰለፋለች። ብሩ 21፣ ነሐሱ 11፣ ጠቅላላው 71 ይሆናል። የአንድ ኦሊምፒክ የኢትዮጵያ መዳሊያ 71 ነው ቢባል ማንም አያምንም፤ ሩጫ የማይከታተል ሰው እንኳ ይስቅበታል። ነገሩ የሚከፋው አንባቢው ትክክለኛውን መጠን በቃሉ በማያውቀው ሰንጠረዥ ላይ ነው። የአንድ ወረዳ የጤና ኬላ ብዛት 7 ነው ወይስ 71? ይህን አይቶ የሚስቅ ሰው አይገኝም።

አንዲት ትንሽ አሃዝ እንዲህ የምትታለፈው ለምን እንደሆነ ለመረዳት፣ ዓይን የሚያየውንና ፋይል የሚይዘውን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ዓይን 7¹ ሲያይ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይመዝናል፤ ሁለተኛዋ አሃዝ ማነሷንና ከመስመሩ ከፍ ማለቷን። በእነዚህ ሁለት ፍንጮች ብቻ «ይህች የቁጥሩ አካል አይደለችም» ብሎ ይፈርዳል። የፒዲኤፍ ፋይል ግን በመሠረቱ የሕትመት ገጽ ሥዕል ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል የትኛው ቅርጽ፣ በምን መጠን፣ በገጹ ላይ የት እንደሚቀመጥ ይመዘግባል እንጂ በአብዛኛው «ይህ የግርጌ ማስታወሻ ምልክት ነው» የሚል ነገር አይጽፍም። ከፋይሉ ጽሑፍ ሲቀዳ ቅደም ተከተሉ ይቀራል፤ መጠኑና ከፍታው ይጠፋሉ። ዓይን የፈረደባቸው ሁለቱ ፍንጮች የጠፉት እነዚያ ራሳቸው ናቸው። የቀረው 7፣ ቀጥሎም 1 ነው።

ድረ ገጽ ላይ ሁኔታው ትንሽ ይሻላል፤ ምክንያቱም ምልክቷ በስም ትታወቃለች። የቤጂንግ ድምር በድረ ገጽ ኮድ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```html
<td>7<sup>1</sup></td>
```

`sup` የሚለው መለያ «በውስጤ ያለው ከፍ ብሎ ይታይ» ማለት ነው። ሰንጠረዡን በፕሮግራም የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ `sup` ያለበትን ሁሉ አንስቶ ለብቻው ቢያስቀምጥ ምንም አይበላሽም። ብዙዎች ግን ጽሑፉን ብቻ የሚያወጣውን ትዕዛዝ ይሰጣሉ። ትዕዛዙም መለያዎቹን ሁሉ ጥሎ 71 ያስረክባቸዋል። መረጃው በፋይሉ ውስጥ እያለ መንገድ ላይ ተጣለ ማለት ነው። በፒዲኤፍ ላይ እንዲህ ያለውን ስህተት ይቅር ማለት ይቻል ይሆናል፤ እዚህ ግን ሰበብ የለውም።

ኤክሴል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ኤክሴል ውስጥ ቁጥር የያዘ ሳጥን ሙሉ በሙሉ አንድ ቁጥር ነው፤ ከፊሉን አሃዝ ከፍ ማድረግ አይፈቅድም። ስለዚህ 7¹ ማሳየት የፈለገ ሰው ሳጥኑን ወደ ጽሑፍ ይለውጥና 71 ብሎ ጽፎ የመጨረሻዋን አሃዝ ብቻ ከፍ ያደርጋታል። በስክሪኑ ላይ ያምራል። ያ ፋይል በሲኤስቪ ሲቀመጥ ግን ሲኤስቪ የፊደል ቅርጽ የሚባል ነገር አያውቅምና የሚጽፈው 71 ብቻ ነው። ፋይሉ እንደገና ሲከፈት ኤክሴል ያንን ጽሑፍ አይቶ «ይህማ ቁጥር ነው» ብሎ ወደ ቁጥር ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ይደመራል፣ ይካፈላል፣ ገበታ ይሣልበታል። አዘጋጁ ራሱ የሠራውን ሰንጠረዥ ከወር በኋላ ሲከፍት የገዛ ምልክቱን የማያውቃት በዚህ ምክንያት ነው።

የወረቀት ሰነድ በስካነር ሲነበብ ስህተቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ማንበቢያው ፕሮግራም ትንሿን አሃዝ አንዳንዴ እንደ ጭረት ቆጥሮ ይተዋታል፣ አንዳንዴ ሙሉ አሃዝ ያደርጋታል። የሙቀት መጠን የሚገልጸው ትንሽ ክብ ምልክትም ዜሮ ሆኖ ይነበባል፤ 25° የነበረው 250 ይሆናል። የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ፊት ተቀምጦ በእጅ የሚተይብ ሰውም ከዚህ አያመልጥም። ረጅም ዓምድ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ እጅ ከአእምሮ ይቀድማል።

አሁን ወደ ቤጂንግ እንመለስ፤ ስህተቱን በስሌት ማጥመድ ይቻላልና።

የሦስት ኦሊምፒኮችን የኢትዮጵያ ጠቅላላ መዳሊያ እንውሰድ። ሲድኒ 8፣ አቴንስ 7፣ ቤጂንግ 7። ከዓምዱ ሥር የታተመው ድምር 22 ነው። ገልባጩ የቤጂንጉን 71 አድርጎታል እንበል። እሱ የያዛቸው ሦስት ቁጥሮች ሲደመሩ 86 ይሰጣሉ። ከታተመው ድምር የሚለየው በ64 ነው። ይህን 64 ለ9 ማካፈል ነው። 7 ይደርሳል፣ 1 ይተርፋል። የደረሰው 7 ትክክለኛው የቤጂንግ ቁጥር ነው፤ የተረፈው 1 ደግሞ የግርጌ ማስታወሻዋ ቁጥር ናት።

ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ከአንድ ቁጥር ቀጥሎ አንድ አሃዝ ሲጣበቅ ቁጥሩ በ10 ይባዛና አሃዟ ትጨመርበታለች። 7 ወደ 71 ሲቀየር 10 ጊዜ 7 ሲደመር 1 ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ላይ ትክክለኛው 7 ሲቀነስ 9 ጊዜ 7 ሲደመር 1 ይቀራል። ስለዚህ ልዩነቱ ሁልጊዜ የትክክለኛው ቁጥር ዘጠኝ እጥፍና የምልክቷ ድምር ነው። የሂሳብ ሠራተኞች 54ን 45 ብሎ የመገልበጥ ዓይነት ስህተት ሲገጥማቸው ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል ያውቃሉ። እዚህ ግን ቀሪ አለ፤ ጥፋተኛዋን የሚያጋልጠውም ያ ቀሪ ነው። ልዩነቱን ለ9 ሲያካፍሉ 1፣ 2 ወይም 3 ከተረፈና የደረሰው ቁጥር ጥርጣሬ ካደረበት ሳጥን ጋር ከገጠመ ዋናውን ሰነድ አውጥቶ ያንን ሳጥን ማየት ነው።

ሁለት ሳጥኖች በአንድ ጊዜ ቢበላሹም ዘዴው ሙሉ በሙሉ አይከሽፍም። የቤጂንግን ረድፍ ወደ ጎን እንደምረው፤ 4 ወርቅ፣ 21 ብርና 11 ነሐስ 36 ይሆናል። ትክክለኛው ድምር 7 ስለሆነ ልዩነቱ 29 ነው። 29 ለ9 ሲካፈል 3 ይደርሳል፣ 2 ይተርፋል። ሦስቱ የትክክለኛው ብርና የትክክለኛው ነሐስ ድምር ነው፤ ሁለቱም የሁለቱ ምልክቶች ድምር ነው። ከዚህ በኋላ የትኞቹ ሁለት ሳጥኖች እንደሆኑ ስሌቱ አይነግርም፤ ዓይን መፈለግ አለበት። ማስታወሻዋ 9ኛ ከሆነችም ቀሪው ዜሮ ይሆንና ከተራው የሂሳብ ሠራተኛ ስህተት ጋር ይመሳሰላል። ዘጠኝ ማስታወሻ ያለው ሰንጠረዥ ግን ቀድሞውኑም ለአንባቢ አልታዘነለትም።

ይህን ሁሉ ማድረግ የሚቻለው ግን የታተመው ድምር ሲኖር ነው። ብዙ ገልባጮች የታተመውን ድምር ትተው በኤክሴል እንደ አዲስ ያስደምሩታል፤ ሥራ የቀነሱ ይመስላቸዋል። በዚህም ያላቸውን ብቸኛ ምስክር ያጠፋሉ። አዲሱ ድምር ከስህተቱ ጋር ተስማምቶ 86 ይላል፤ ሰንጠረዡም ከውስጥ ሲያዩት እንከን የሌለው ይሆናል። የታተመውን ድምር እንዳለ ገልብጦ፣ የራስን ድምር በሌላ ሳጥን አስልቶ፣ ሁለቱን ማስተያየት አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። እርግጥ የታተመው ድምር ራሱ ምልክት ተጣብቆበት ሊሆን ይችላል፤ 22 የነበረው 221 ሆኖ ሲመጣ ስሌቱ የትም አያደርስም። ያኔ መጀመሪያ ድምሩን ከዋናው ሰነድ ጋር ማመሳከር ነው።

ድምር የሌላቸው ሰንጠረዦች ደግሞ አሉ፤ የመቶኛ ሰንጠረዥ ዋናው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ፣ 10 በመቶው የከሱ፣ 24 በመቶው ከዕድሜያቸው አንጻር ክብደታቸው ያነሰ፣ 1 በመቶው ደግሞ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው መሆናቸውን አሳይቷል። አንድ አዘጋጅ እነዚህን አራት ቁጥሮች በራሱ ጽሑፍ ውስጥ አስገብቶ በእያንዳንዳቸው ላይ «1» የሚል ምልክት አደረገ እንበል፤ ከግርጌውም ምንጩን ጠቀሰ። ሰንጠረዡ ሲገለበጥ 381፣ 101፣ 241 እና 11 ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከመቶ ስለሚበልጡ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። አራተኛው ግን ዝም ይላል። ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ሕፃናት 11 በመቶ ናቸው ቢባል የመቶኛ ሕግ አይጣስም፤ የማያውቀው ሰው ያምነዋል፤ ጉዳዩን የሚያውቀው ብቻ ደንገጥ ይላል። «ከመቶ የሚበልጥ ካለ አሳየኝ» የሚለው የተለመደ ፍተሻ ሦስቱን ይዞ አራተኛውን ይለቃል። ፈታሹም ሦስቱን አርሞ ሥራው የተጠናቀቀ ይመስለዋል።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ምልክት የተጣበቀበት አንድ ሳጥን ከተገኘ የዚያን ዓምድ አንድ አሃዝ የነበራቸውን ሳጥኖች ሁሉ እንደገና ማየት ግድ ነው፤ ይልቁንም በ1፣ በ2 ወይም በ3 የሚያልቁትን። ማስታወሻዎች ከ1 ስለሚጀምሩ ስህተቱ የሚያዘወትረው እነዚህን ሦስት አሃዞች ነው።

ከነጥብ በኋላ ባለ አሃዝ የሚጻፉ ቁጥሮች ላይ ምልክቷ ከዚህም ይበልጥ ትሰወራለች። ያው ጥናት በአገሪቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች መካከል የኤችአይቪን ስርጭት 0.9 በመቶ ብሎ አስቀምጧል። 0.9¹ ሲገለበጥ 0.91 ይሆናል። ቁጥሩ አሥር እጥፍ አልጨመረም፤ እንዲያውም ይበልጥ የተጠና ይመስላል። ጉዳቱ በመጠን ሲታይ ኢምንት ነው፤ ነገር ግን ጥናቱ ያላለውን ጥራት ለጥናቱ ያላብሰዋል። የሚያጋልጠው የአሃዙ ርዝመት ነው። ዓምዱ ሁሉ ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ይዞ ሳለ ሁለት አሃዝ ያለው አንድ ሳጥን ቢገኝ አጠራጣሪ ነው። ይህን ለማየት ግን ዓምዱ እንደተገለበጠ መታየት አለበት። ኤክሴል ሁሉንም በአንድ አሃዝ እንዲያሳይ ከታዘዘ 0.91 ተመልሶ 0.9 መስሎ ይታያል፤ በውስጥ ግን 0.91 ነው።

ትልልቅ ቁጥሮች በነጠላ ሰረዝ ይጠበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተካሄደው ሕዝብና ቤት ቆጠራ የኢትዮጵያን ሕዝብ 53,477,265 ብሎ መዝግቧል። ምልክት ቢጣበቅበት 53,477,2651 ይሆናል፤ ከመጨረሻው ሰረዝ በኋላ አራት አሃዝ መኖሩ ወዲያው ይታያል። ሰረዞቹ ግን የመጀመሪያዎቹ ሟቾች ናቸው። መረጃ የሚያጸዳ ሰው ቁጥሩ እንዲደመርለት በመጀመሪያ የሚያደርገው ሰረዞቹን ማጥፋት ነው፤ ያኔ 534 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ኢትዮጵያ ትወለዳለች። ሰረዝ ከመጥፋቱ በፊት ከእያንዳንዱ ሰረዝ በኋላ ልክ ሦስት አሃዝ መኖሩን ማየት ቀላልና ርካሽ ፍተሻ ነው።

ከግርጌ ማስታወሻ ውጭም ከፍ ብለው የሚጻፉ አሃዞች አሉ፤ እነሱም በዚያው መንገድ ይወድቃሉ። የደም ምርመራ ውጤት ላይ የነጭ ደም ሕዋስ ብዛት በሊትር ለምሳሌ 6.2 × 10⁹ ተብሎ ይጻፋል። ዘጠኟ ስትወርድ 6.2 × 109 ይሆናል። ሐኪም አይታለልም፤ ዓይኑ የለመደው 6.2ን ነው። ስሌቱን የሚሠራ ፕሮግራም ግን 675.8 ይላል። አሉታዊ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ 10⁻⁶ ወደ 10-6 ይለወጥና ኤክሴል ላይ ሲለጠፍ ቀን ሆኖ ያርፋል። የሕክምና መረጃን በኮምፒውተር ለመለዋወጥ የሚያገለግለው የመለኪያዎች ኮድ ይህን በማየት ይመስላል ከፍታን ጨርሶ ትቶ `10*9/L` ብሎ የሚጽፈው። ለዓይን አያምርም። ሲገለበጥ ግን የሚጠፋ ነገር የለውም።

እስካሁን የተነገሩት ፍተሻዎች ሁሉ ቁጥሩን ከማየት የሚነሱ ናቸው። ከሁሉም የሚሻለው ፍተሻ ግን ቁጥሩን ትቶ ግርጌውን ያያል። ከሰንጠረዡ ሥር 1፣ 2 እና 3 ተብለው የተቆጠሩ ማስታወሻዎች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ማስታወሻ በሰንጠረዡ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ምልክት ሊኖረው ይገባል። በተገለበጠው ሰንጠረዥ ውስጥ 1 እና 3 ከርዕሶቹ አጠገብ ከተገኙ፣ 2 ደግሞ የትም ከሌለች፣ ወይ በስህተት ተጥላለች ወይ በአንድ ቁጥር ሆድ ውስጥ ገብታለች። ፈላጊው በ2 የሚያልቁትን ሳጥኖች ብቻ ያወጣል። ማስታወሻው ራሱም ይመራዋል፤ «የሦስት ወር መረጃ ብቻ» የሚል ከሆነ ከጎረቤቶቹ አንሶ መገኘት የነበረበት፣ ነገር ግን በልጦ የተገኘው ሳጥን የት እንዳለ መፈለግ ነው። ይህን ለማድረግ ማስታወሻዎቹን ከሰንጠረዡ ጋር አብሮ መገልበጥ ያሻል። የሚያሳዝነው፣ ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚቆረጠው ግርጌው ነው፤ ቦታ ይይዛል ተብሎ።

ሰንጠረዥ የሚሠሩ ተቋማት ይህን ችግር ከሥሩ ለማድረቅ የተለያየ መንገድ ይከተላሉ። የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ዩሮስታት በቁጥሮች አጠገብ የሚያስቀምጠው ፊደል ነው፤ `p` ጊዜያዊ፣ `e` ግምት፣ `b` ከቀድሞው ተከታታይ መረጃ ጋር የማይገናኝ ማለት ነው። ፊደል ከቁጥር ጋር ተጣብቆ ቢመጣ ሳጥኑ መደመር ስለሚያቅተው ስህተቱ ይጮኻል እንጂ አይደበቅም። የብሪታንያ መንግሥት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የሚሠሩበት መመሪያ ደግሞ ከፍ ያሉ ምልክቶችን ጨርሶ ያስቀራል፤ በምትካቸው `[note 1]` ተብሎ በቅንፍ እንዲጻፍ፣ ያም ቁጥር ባለበት ሳጥን ሳይሆን በርዕስ ወይም ለብቻው በተዘጋጀ ዓምድ ውስጥ እንዲሆን ያዛል። የዚህ መነሻ ዓይነ ስውራን ናቸው። ገጹን በድምፅ የሚያነብላቸው ፕሮግራም 7¹ ላይ ሲደርስ «ሰባ አንድ» ሊል ይችላል፤ እነሱ ደግሞ መጠንና ከፍታን አይተው የሚያርሙበት ዕድል የላቸውም።

ቅንፍም ቢሆን ከቁጥሩ ላይ ካረፈ የራሱ ወጥመድ አለው። ከላይ የተጠቀሰው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት በቁጥር የተጻፉ ምልክቶቹን ብዙውን ጊዜ በርዕሶች ላይ ያደርጋል፤ ይህ ጥሩ ልማድ ነው። ከ25 እስከ 49 በሚሆኑ ሰዎች መልስ ላይ ብቻ የተመሠረተን ቁጥር ግን በቅንፍ ያስገባዋል፤ አንባቢ ተጠንቅቆ እንዲጠቀምበት። ያ (45) ኤክሴል ላይ ሲለጠፍ -45 ይሆናል፤ የሂሳብ ሠራተኞች ኪሳራን በቅንፍ ስለሚጽፉ ኤክሴል የእነሱን ቋንቋ ነው የሚናገረው።

የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በሰንጠረዥ ውስጥ ለግርጌ ማስታወሻ ምልክቶችን መጠቀምን ይመክራል፤ እነሱም እንደ መጽሔቱ ኮከብና መስቀል ወይም እንደ a፣ b፣ c ያሉ ፊደሎች ሊሆኑ ይችላሉ። ፊደል የተሻለ ቢሆንም o እና l መዘለል አለባቸው፤ ሲገለበጡ አንዱ ዜሮ፣ ሌላው አንድ ይመስላሉ።

በአማርኛ ለሚጻፍ ሰንጠረዥ ግን ማንም ያላሰበበት ምቹ ነገር ደጃችን ላይ አለ፤ የግዕዝ ቁጥር። 7፩ ብሎ የጻፈን ሰው ሰባ አንድ ብሎ የሚያነብበት አይኖርም። ኮምፒውተርም ይህን ያከብራል። መረጃ የሚያጸዱ ፕሮግራሞች የተለያየ መልክ ያላቸውን ፊደሎች አንድ ወጥ ለማድረግ በብዛት የሚጠቀሙበት ትዕዛዝ አለ፤ ሁለቱን ምልክቶች ሲያሳልፏቸው ውጤቱ ይህ ነው፦

```python
import unicodedata
unicodedata.normalize("NFKC", "7¹")   # '71'
unicodedata.normalize("NFKC", "7፩")   # '7፩'
```

የመጀመሪያው በትክክለኛ የ«ከፍ ያለ አንድ» ፊደል የተጻፈ ነበር፤ ዝም ብሎ ያነሰ 1 አልነበረም። ያም ሆኖ ጽዳቱ ከመስመር አወረደው። ሁለተኛው እንደነበረ አለ፤ ይህን ሳጥን መደመር የሚሞክር ፕሮግራም ስህተት ብሎ ይቆማል። ሰንጠረዡ በግዕዝ ፊደል ለማያነቡ ሰዎችም የሚላክ ከሆነ ግን ምልክቶቹን በላቲን ፊደል አድርጎ በርዕሶቹ ላይ መስቀል፣ የተስተካከለው አንድ ሳጥን ብቻ ከሆነም ከጎኑ «ማስታወሻ» የሚል ጠባብ ዓምድ መክፈት ያስፈልጋል። በቤጂንጉ ረድፍ ላይ 4፣ 2፣ 1፣ 7 ንጹሕ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ከውጤት ስረዛ በኋላ ብሩና ነሐሱ መስተካከላቸው በአምስተኛው ሳጥን ይጻፋል።